ከተበታተነ ማስታወሻ ወደ ሰዓት የተቆረጠለት አጀንዳ

ባሕር ዳር ጣና ዳር ላይ ያለ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። 47 አባላት አሉን። ስብሰባ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው እጄ ላይ ያለው ነገር አጀንዳ ሊባል አይችልም። ደብተሬ ጠርዝ ላይ የተጫጫረ አለ፣ በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት አለ፣ ዓሣ ሲራገፍ ቆሜ የሰማሁት አለ፣ ሊቀመንበሩ በስልክ ያለኝ አለ። ይህን ሁሉ ማን፣ ምን፣ ስንት ደቂቃ ወደሚል አንድ ገጽ እንዴት እንደማመጣው ነው የምጽፍላችሁ። የማሳያችሁም ባለፈው ከዐቢይ ጾም በፊት ያደረግነውን ስብሰባ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ቦታ ገልብጡ። አታስተካክሉ፣ አታሳምሩ፣ ቅደም ተከተልም አትፈልጉ። አንድ ሐሳብ በአንድ መስመር ብቻ። የድምፅ መልእክቱን አዳምጡና ሦስት ደቂቃ ቢሆንም እንኳ በአንድ መስመር ጻፉት። ከመስመሩ ጎን ደግሞ ማን እንዳለው አስፍሩ፤ ይህቺ ትንሽ ነገር በኋላ ትፈለጋለች። የእኔ ዝርዝር እንዲህ ነበር፦

ፍሪዘሩ፣ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ጠጋኙ ዋጋ ሰጥቷል
የመረብ ዋጋ!!
ሆቴሉ ቅናሽ ጠየቀ
4 አዲስ አመልካቾች
የ6 ወር ሒሳብ
መዋጮ ያልከፈሉ
የጀልባ ነዳጅ በዛ
እምቦጭ፣ የቀበሌ ደብዳቤ
ጠባብ ዓይን መረብ ይቁም
የሁለቱ ልጆች ጠብ
የማራገፊያው መብራት
ወንበርና ሻይ
አዲስ ፍሪጅ ይገዛ
የለቅሶው ገንዘብ ለማን ተሰጠ?

14 መስመር ነው። ይህንን እንዳለ አጀንዳ ብላችሁ ብትልኩት ስብሰባው ማታም አያልቅም።

ሁለተኛው ሥራ እያንዳንዱን መስመር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ጉባኤው በዚህ ላይ ምን እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው? መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ይወስናል፣ ወይ ይሰማል፣ ወይ ደግሞ ጉዳዩ የጉባኤ ሥራ አይደለም። «እንወያይበት» የሚል አራተኛ ክፍል አለማስገባቴን አስተውሉ። ሞክሬው ነበር። መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የተጀመረ ውይይት ሰዓት ከመብላት ሌላ ፋይዳ አልነበረውም። ውይይት የሚያስፈልገው ለመወሰን ነው፤ ስለዚህ በውሳኔው ሥር ይገባል።

በዚህ ወንፊት ሲነፋ ዝርዝሩ ወዲያው ይቀንሳል። ወንበርና ሻይ የእኔና የአዘጋጆቹ ሥራ ነው፤ ወጣ። የማራገፊያው መብራት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ማስቀየር ነው፤ ለሥራ አመራሩ ተላለፈ። የሁለቱ ልጆች ጠብ፣ አንዱ የሌላውን መረብ ቆርጧል የተባለው፣ 30 ሰው ፊት ቢነሳ ይብሳል እንጂ አይበርድም፤ ለሽማግሌዎች ሰጠነው። ሦስት መስመር ሄደ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ። «ፍሪዘሩ ተቃጥሏል» እና «አዲስ ፍሪጅ ይገዛ» ከሁለት ሰዎች የመጡ ቢሆኑም ጉዳዩ አንድ ነው። መዋጮ ያልከፈሉ፣ ነዳጅ፣ የለቅሶ ገንዘብ ሦስቱም ሒሳብ ሪፖርቱ ውስጥ መልስ የሚያገኙ ናቸው። የሒሳብ ሹሟ በሪፖርቷ ላይ አንዳንድ መስመር ከጨመረችላቸው ለብቻቸው መቆም አያስፈልጋቸውም።

«የመረብ ዋጋ!!» ግን አስቸገረኝ። ሁለት ቃለ አጋኖ አድርጌበታለሁ፣ ምን ለማለት እንደሆነ ግን አላስታውስም። ከ«ጠባብ ዓይን መረብ ይቁም» ጋር አንድ ነው ብዬ ልደርበው ነበር። ጎኑ ላይ «ሊቀመንበር» የሚል ስለነበረ ደወልኩለት። «ጠባቡን አቁሙ ካልናቸው በምን ይሥሩ? ሰፊው ስንት እንደሚሸጥ ሳናውቅ ምኑን ነው የምንወስነው?» አለኝ። ከዚያም ማኅበሩ በጅምላ ገዝቶ ለአባላት በዱቤ ቢሰጥስ የሚል ሐሳብ ጨመረበት። አያችሁ፣ አንዷ መስመር ለሁለት ተከፈለች። ዋጋው የጠባብ ዓይን መረቡ ጉዳይ ሲቀርብ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር መረጃ ነው። የጅምላ ግዢው ግን ገና ማንም ያላጠናው ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተያዘ። ያልገባችሁን መስመር በግምት አትደርቡ፤ ጎኑ ላይ ወደተጻፈው ሰው ደውሉ።

14 መስመር ወደ 6 ጉዳይ ወረደ፦ ሒሳብ፣ ፍሪዘር፣ የሆቴሉ ውል፣ ጠባብ ዓይን መረብ፣ አዲስ አባላት፣ እምቦጭ።

አሁን ርዕሶቹን እንደገና ጻፉ። «ስለ ፍሪዘር» ብሎ የተጻፈ ርዕስ ለማንም ምንም አይነግርም። አንዱ የመብራት ወጪውን ሊያነሳ ይመጣል፣ ሌላው ቁልፉ ማን ጋ ነው ሊል ይመጣል። የሚወሰን ከሆነ በጥያቄ ጻፉት፦ «ፍሪዘሩን እናስጠግን ወይስ አዲስ እንግዛ?» የሆቴሉም «ስለ ሆቴሉ ውል» መሆኑ ቀርቶ «ለሆቴሉ በኪሎ ከስንት ብር በታች አንሸጥም?» ሆነ። የሚሰማ ከሆነ ግን በጥያቄ አይሁን። «የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ቀንና የመሰብሰቢያ ቦታ» ብላችሁ ጎኑ ላይ «ለማሳወቅ» በሉት። ሰው ከቤቱ ሲወጣ በየቱ ላይ እጅ እንደሚያወጣ፣ በየቱ ላይ እንደሚሰማ ማወቅ አለበት።

ወደ አቅራቢዎቹ እንሂድ። ለአንድ ጉዳይ አንድ ሰው ብቻ። «ግዢ ኮሚቴ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አምስቱም አባላት ሌላው ያቀርባል ብለው ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። ሰውየውን ደግሞ ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት አነጋግሩት። እኔ ስብሰባው ቅዳሜ ከሆነ ሰኞ እደውላለሁ። የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ንግግራችን ይህን ይመስል ነበር፦

«ጋሼ፣ ቅዳሜ የፍሪዘሩን ጉዳይ የሚያቀርቡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ሊቀመንበሩ መስሎኝ!»

«ዋጋ ያሰባሰባችሁት እናንተ ናችሁ እኮ። የጥገናውና የአዲሱ ዋጋ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ይበቃል።»

«የጥገናውስ አለ። የአዲሱን ግን አልጠየቅንም።»

ይኸው ነው የስልኩ ጥቅም። ባልደውል ኖሮ ቅዳሜ 30 ሰው ተቀምጦ «የአዲሱ ስንት ነው?» ሲባል ዝም ሊባል ነበር፤ ጉዳዩም ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል። ሰኞ ስለታወቀ ግን እስከ ረቡዕ ከሁለት ሱቅ ዋጋ መጣ። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ራስዎ ይገኛሉ ወይ? ምን ወረቀት ይይዛሉ? ስንት ደቂቃ ይበቃዎታል? ሦስተኛውን የምትጠይቁት ለማወቅ ያህል ነው እንጂ የተባለውን እንዳለ ለመስጠት አይደለም።

ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሒሳብ ሹሟ 40 ደቂቃ አለች። ፍሪዘር 45፣ ሆቴል 30፣ መረብ 45፣ አዲስ አባላት 20፣ እምቦጭ 15። ድምሩ 195 ደቂቃ ነው። ያለን ግን 150 ብቻ።

150 ከየት መጣ? ሰው ሌሊት መረብ አንሥቶ፣ ዓሣውን አራግፎና አስረክቦ እስኪጨርስ 3 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ከ3:30 በፊት መጥራት ዋጋ የለውም። ከ6:00 በኋላ ደግሞ ምሳ አለ፣ ከምሳ በኋላ መረብ ሊጥል የሚወጣ አለ። መነሻና መድረሻውን እናንተ ስለፈለጋችሁ አይደለም የምታስቀምጡት፤ የሰዎቹ የሥራ ሰዓት ነው የሚያስቀምጠው። ያንን ሳታዩ ከጠዋቱ 2:30 ብትሉ ስብሰባው የሚጀመረው ያው 3:30 ነው፤ ልዩነቱ ቀድሞ የመጣው ሰው አንድ ሰዓት መጉላላቱ ብቻ ነው።

ከ150ው ላይ ጉዳዮቹን ከመመደባችሁ በፊት ቋሚ የሆኑትን ቀንሱ። ለመክፈቻ፣ ለምልዓተ ጉባኤ ቆጠራና አጀንዳ ለማጽደቅ 15 ደቂቃ። ለሻይ 15። ውሳኔዎቹን አንብቦ ለመዝጋት 10። ለመጠባበቂያ 15። የቀረው 95 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው መጠባበቂያውን ይዘላል፤ አትዝለሉት። አንድ ጉዳይ አሥር ደቂቃ ቢያልፍ የሚከፈለው ከእሱ ላይ ነው፤ እሱ ከሌለ ግን ከመጨረሻው አቅራቢ ላይ ይነጠቃል።

አሁን 195ን ወደ 95 ማውረድ ነው። ከሁሉም ላይ እኩል ግማሽ ግማሽ መቁረጥ ቀላል ይመስላል፤ አይሠራም። ለውሳኔ የሚቀርበውን ጉዳይ እኔ እንዲህ ነው የማሰላው፦ የአቅራቢው ደቂቃ፣ ሲደመር ይናገራሉ ብዬ የምገምታቸው ሰዎች ብዛት በ2 ደቂቃ ተባዝቶ፣ ሲደመር ለድምፅ መስጫ 5 ደቂቃ። ለፍሪዘሩ አቅራቢው 9 ደቂቃ፣ ስምንት ተናጋሪ በሁለት ሁለት ደቂቃ 16፣ ድምፅ መስጫ 5፤ 30 ደቂቃ። ለመረቡ አቅራቢው 5 ብቻ፣ ምክንያቱም ነገሩን የማያውቅ አባል የለም፤ ተናጋሪ ግን ይበዛል፣ አሥር ሰው 20 ደቂቃ፣ ድምፅ 5፤ እሱም 30። እነዚህ ሁለቱ ብቻ 60 ወሰዱ።

ለቀሩት አራቱ 35 ደቂቃ ነው የተረፈው። እዚህ ላይ ደቂቃ ከመቀነስ ይልቅ ሥራውን ራሱን መቀነስ ነው የሚያዋጣው። የሒሳብ ሪፖርቱን በአንድ ገጽ አሳትመን ሐሙስ በተንን፤ ስለዚህ ቅዳሜ አይነበብም፣ ጥያቄ ብቻ ይመለሳል፤ 15 ደቂቃ። በሆቴሉ ውል ጉባኤው ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ይወስናል፣ ድርድሩን የሽያጭ ኃላፊው ይጨርሳል፤ 10። የአዲስ አባላቱን ማመልከቻ ሥራ አመራሩ አስቀድሞ መርምሮታል፤ 5። እምቦጭ ቀንና ቦታ ነው፤ 5። ድምሩ 95።

ቅደም ተከተሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ክፉኛ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። አንድ ጊዜ የመረቡን ጉዳይ ዋና ነው ብዬ መጀመሪያ አደረግኩት። ሰው ተጋጋለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ፣ አልተወሰነም፣ ከዚያ በኋላ ግማሹ ሰው ተነሣ። ለዚያ ቀን የተያዘው የበረዶ ማስቀመጫ ግዢ ሳይወሰን ቀረና ጾም ገባ። ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ እኛ ግን ያዝነውን ማቆየት አልቻልንም። ከዚያ ወዲህ ቀነ ገደብ ያለው ጉዳይ የሚያጨቃጭቀውን ይቀድማል። ፍሪዘሩ ከጾም በፊት መወሰን አለበት። የጠባብ ዓይን መረብ ውሳኔ ደግሞ ከክረምት በፊት ከደረሰ ይበቃል፤ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ለመራባት የሚወጣው ዓሣ የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና።

ሁለተኛው መመዘኛ የቱ በየቱ ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ካዝናው ውስጥ ስንት እንዳለ ሳይታወቅ ፍሪዘር አይገዛም፤ ሒሳብ ይቅደም። ማቀዝቀዣ ይኖረን እንደሆነ ሳይታወቅ ለሆቴል የዋጋ ወለል ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሆቴሉ ከፍሪዘሩ በኋላ ይምጣ። አዲስ አባላትም ቦታቸው ቀላል አይደለም። ከመረቡ በፊት ከተቀበልናቸው አራት አዲስ ድምፅ ገባ ማለት ነው፤ «ለዚህ ብላችሁ ነው ያስገባችኋቸው» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ስለዚህ ከድምፅ መስጫዎቹ ሁሉ በኋላ አደረግናቸው።

ከሻይ በኋላ ደግሞ ቆጠራው ይደገማል። በእኛ መተዳደሪያ ደንብ ምልዓተ ጉባኤ ግማሽ ሲደመር አንድ ነው፣ ከ47 ውስጥ 24 ሰው። ሻዩን እዚያው ግቢ ውስጥ አድርጉት፤ ውጭ ካፌ ከተባለ የሚመለሰው ሰው ይቀንሳል።

ሰዓቱን በእጅ መደመር ያሳስታል፣ በተለይ አንድ ጉዳይ ላይ ደቂቃ ስትቀይሩ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ኤክሴል ካላችሁ A መነሻ ሰዓት፣ B ደቂቃ፣ C ጉዳይ፣ D አቅራቢ ይሁን። A2 ላይ 3:30 ጻፉ፤ A3 ላይ ይህን አስገብታችሁ ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=A2+TIME(0,B2,0)
```

ደቂቃዎቹ በትክክል 150 መምጣታቸውን ደግሞ ባዶ ሴል ላይ በዚህ አረጋግጡ፦

```
=SUM(B2:B11)
```

የእኛ ስብሰባ በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

| ሰዓት | ደቂቃ | ጉዳይ | አቅራቢ |
|---|---|---|---|
| 3:30 | 15 | መክፈቻ፣ ቆጠራ፣ አጀንዳ ማጽደቅ | ሊቀመንበር |
| 3:45 | 15 | የ6 ወር ሒሳብ፣ ጥያቄና መልስ (ለማሳወቅ) | ሒሳብ ሹም |
| 4:00 | 30 | ፍሪዘሩን እናስጠግን ወይስ አዲስ እንግዛ? (ለመወሰን) | የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ |
| 4:30 | 10 | ለሆቴሉ በኪሎ ከስንት ብር በታች አንሸጥም? (ለመወሰን) | የሽያጭ ኃላፊ |
| 4:40 | 15 | ሻይ | |
| 4:55 | 30 | ጠባብ ዓይን መረብ ከመቼ ጀምሮ ይቁም? (ለመወሰን) | የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ |
| 5:25 | 5 | አራቱን አመልካቾች እንቀበል? (ለመወሰን) | ጸሐፊ |
| 5:30 | 5 | የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ቀንና ቦታ (ለማሳወቅ) | ምክትል ሊቀመንበር |
| 5:35 | 15 | መጠባበቂያ | |
| 5:50 | 10 | ውሳኔዎችን ማንበብና መዝጊያ | ጸሐፊ |

በሚሰራጨው ወረቀት ላይ ከሥራ ድርሻው ጎን የሰውየውን ስም ጻፉ። «ልዩ ልዩ» የሚል ርዕስ እንደሌለ አይታችኋል። ያልተዘጋጀ ነገር ሁሉ የሚገባው በዚያ በር ስለሆነ ዘጋነው። አዲስ ነገር ያለው ሰው በመክፈቻው፣ አጀንዳው ሲጸድቅ ያነሳል። ጉባኤው ከተቀበለው ከመጠባበቂያው 15 ደቂቃ ላይ ይሰጠዋል፣ ካልተቀበለው ለሚቀጥለው ይያዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ሰዓቱ አጻጻፍ። አባላት ብቻ ከሆኑ 3:30 ሲባል ማንም አይሳሳትም። እንግዳ ከጋበዛችሁ ግን «ከረፋዱ 3:30» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ጊዜ የጋበዝነው ባለሙያ ስልኩ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነበርና 4:00 ያልነውን እንዳለ መዝግቦት፣ እኛ በትነን ከሄድን ከአራት ሰዓት በኋላ ከቀኑ 10 ላይ ደረሰ። በስልክ ቀን መቁጠሪያ የምትልኩለት ከሆነ ስድስት ሰዓት ጨምሩ፤ የእኛ ረፋድ 3:30 እዚያ ላይ 9:30 ነው።

ወረቀቱ ሐሙስ ይሰራጭ። ከዚያ ቀድሞ ከሄደ ይጠፋል፣ ዓርብ ማታ ከሆነ ሒሳቡን የሚያነበው የለም። በዕለቱ ሰዓት የሚይዝ ሰው ከሰብሳቢው ሌላ ይሁን፤ ሰብሳቢ የሚናገረውን ሰው ነው የሚያየው፣ ሰዓቱን አያይም። ሰዓት ያዡ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ ሲያልቅ አንድ ጊዜ እጁን ያነሳል። እጁ ሁለተኛ ሲነሳ ሰብሳቢው «ወደ ድምፅ እንሂድ ወይስ ከመጠባበቂያው አምስት ደቂቃ እንጨምር?» ብሎ ይጠይቃል። ባለፈው ለመረቡ አሥር ጨመርን። ፍሪዘሩ ግን 26 ደቂቃ ነው የፈጀው።

እነዚህን ትክክለኛ ደቂቃዎች በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከታሰበው ጎን በእስክሪብቶ ጻፏቸው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ስትገምቱ አሥር ተናጋሪ ያላችሁት አሥራ አምስት እንደሆነ የምታዩት እዚያ ላይ ነው። የእኔ ደብተር ላይ አዲሱ ገጽ በአንድ መስመር ተጀምሯል፦ «የመረብ ጅምላ ግዢ፣ ሊቀመንበር፣ አጥኚ ይመደብ»።